ኮዱ ሲገባ ሥራው ይዘጋል፤ ታዲያ አለቀ ማለት ነው?

ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን ሁሉ የሥራ ዝርዝር የሚያስቀምጥበት ቦርድ አለው። ቦርዱ ኮምፒውተር ላይ የሚታይ ሲሆን «ያልተጀመረ»፣ «በሥራ ላይ» እና «ያለቀ» የሚሉ ዓምዶች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ሥራ ቁጥር ተሰጥቶት፣ እንደ ደረጃው ከአንዱ ዓምድ ሥር ይቀመጣል። ኮዱ ግን የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው። ፕሮግራመሩ ሐሙስ ማታ ሥራውን ጨርሶ ኮዱን አስገብቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቦርዱ ላይ ያለውን ካርድ ማንቀሳቀስ ግን ይረሳል። ዓርብ ጠዋት የቡድኑ ኃላፊ ቦርዱን አይታ «ይቺ ነገር እስካሁን አላለቀችም?» ብላ ትጠይቃለች። የባሰ ቀን ደግሞ ሌላ ባልደረባ ያለቀውን ሥራ እንደ አዲስ ይጀምረዋል።

መፍትሔው ቦርዱንና ኮዱን በሥራው ቁጥር ማስተሳሰር ነው። ቁጥሩ ኮዱ በሚመዘገብበት ቦታ ከተጻፈ፣ ኮዱ ሲገባ ካርዱ ማንም ሳይነካው ራሱ ወደ «ያለቀ» ይሄዳል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሆኖም ማሽኑ የሚያነበው የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን አይደለም። ቡድኖች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን እንለይ። ፕሮግራመር ኮድ ሲለውጥ ለውጡን ከአጭር ማስታወሻ ጋር ይመዘግባል፤ ይህ ኮሚት ይባላል። ኮሚቶቹ የሚጠራቀሙት ከዋናው ኮድ ተነጥሎ በተከፈተ ቅርንጫፍ፣ ማለትም ብራንች ላይ ነው። ሥራው ሲያልቅ «ለውጤን አይታችሁ ከዋናው ጋር ቀላቅሉልኝ» የሚል ጥያቄ ያቀርባል፤ ይህ ደግሞ ፑል ሪኩዌስት ነው። ባልደረባው ኮዱን አንብቦ ከተስማማ ለውጡ ከዋናው ኮድ ጋር ይቀላቀላል፤ ሜርጅ ተደረገ የሚባለው ያኔ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት መቁረጫ መተግበሪያ የሚሠራ አንድ ትንሽ ቡድን አለ እንበል። ኮዱንም የሥራ ዝርዝሩንም የሚያስቀምጠው ጊትሀብ ላይ ነው። አንድ ደንበኛ ለጳጉሜን 6 ትኬት ለመቁረጥ ሲሞክር መተግበሪያው «የተሳሳተ ቀን» ብሎ መለሰው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮዱን የጻፈው ሰው ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን እንደሆነች አድርጎ ነበር የጻፈው። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ግን ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ በ2015 እንደነበረው ማለት ነው። ችግሩ ቦርዱ ላይ ቁጥር 41 ሆኖ ተመዘገበ። ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው፦

```
if month == 13:
    last_day = 6 if year % 4 == 3 else 5
```

ፕሮግራመሯ ይህን ጽፋ ፑል ሪኩዌስት ስትከፍት፣ በማብራሪያው ውስጥ እንዲህ ትላለች፦

```
Accept Pagume 6 in leap years

Fixes #41
```

ሥራውን ሁሉ የምትሠራው የመጨረሻዋ መስመር ናት። ጊትሀብ ማብራሪያውን ሲያነብ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ከተወሰኑ ቃላት አንዱን፣ ቀጥሎም የሥራውን ቁጥር። ቃላቱ `close`፣ `fix` እና `resolve` ሲሆኑ፣ `closes` ወይም `fixed` እንደሚሉት ያሉ እርባታዎቻቸው ተጨምረው ዘጠኝ ይሆናሉ። የቀረውን ማብራሪያ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ እነዚህ ቃላት ግን በእንግሊዝኛ መጻፍ አለባቸው። «#41 ተስተካክሏል» ተብሎ ቢጻፍ ጊትሀብ ቁጥሩን አውቆ ወደ ሥራው የሚወስድ ሊንክ ያደርገዋል፤ አይዘጋውም።

መስመሯ በትክክል ከተጻፈች በሥራ ቁጥር 41 ገጽ ላይ፣ በስተቀኝ `Development` በሚለው ክፍል ሥር ፑል ሪኩዌስቱ ይታያል። ባልደረባዋ ኮዱን አንብቦ ሜርጅ ሲያደርግ ሥራ 41 ወዲያውኑ `Closed` ይሆናል። ቡድኑ የጊትሀብን ቦርድ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ፣ የተዘጋ ሥራ ሁሉ ወደ `Done` እንዲሄድ የሚያዝዝ ደንብ ከመጀመሪያው ተከፍቶ ስለሚመጣ ካርዱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከዓመት በኋላ «ይህ መስመር ለምን ተጻፈ?» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከኮዱ ተነስቶ ደንበኛው ያቀረበው ቅሬታ ድረስ መድረስ ይችላል።

ይህ ሁሉ በሰላም ሲሄድ ነው። በሰላም የማይሄድባቸው መንገዶች ግን አሉ፤ ከሁሉ የሚዘወተረው ሁለት ሥራ በአንድ መስመር መዝጋት ነው። ፕሮግራመሯ በዚያው ለውጥ ቁጥር 42ንም፣ ማለትም በሚታተመው ትኬት ላይ የጳጉሜን ስም ባዶ ሆኖ የሚወጣውን ችግር አስተካክላለች እንበል። እናም `Fixes #41, #42` ብላ ጻፈች። ሰው ሲያነበው ሁለቱም እንዳለቁ ይገባዋል። ጊትሀብ ግን የሚዘጋው 41ን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ቃሉ ከእያንዳንዱ ቁጥር በፊት መደገም አለበት። ትክክለኛው `Fixes #41, fixes #42` ነው። ስህተቱ የተለመደበት ምክንያት አለው፤ ጊትላብ የተባለው ተመሳሳይ አገልግሎት በነጠላ ሰረዝ የተደረደሩ ቁጥሮችን ይቀበላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ፕሮግራመር የለመደውን ይጽፋል፤ 42 ቦርዱ ላይ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ማንም የስህተት መልእክት አይደርሰውም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ደግሞ መዘጋት የሌለበት ሥራ ሲዘጋ ነው። ማሽኑ ዓረፍተ ነገር አይረዳም። `This does not fix #43` ብሎ የጻፈ ሰው «43ን አላስተካከልኩም» ማለቱ ነው፤ ማሽኑ ግን `fix #43` የሚለውን አግኝቶ ይዘጋዋል። «በከፊል አስተካክያለሁ» ለማለት የሚጻፈው `partially fixes #43`ም ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ገና ያላለቀ ሥራን መጥቀስ የሚፈልግ ሰው ከዘጠኙ ቃላት ውጭ የሆነ ቃል መምረጥ ይኖርበታል። ብዙዎች የሚጠቀሙት `Refs #43` የሚለውን ነው፤ ግንኙነቱን ይተዋል፣ ሥራውን አይነካም።

ሦስተኛው ችግር ከሁሉ ይበልጥ ግራ የሚያጋባ ነው። ጊትሀብ ሥራውን የሚዘጋው ለውጡ ወደ ዋናው ብራንች፣ ብዙ ጊዜ `main` ወደሚባለው ሲገባ ብቻ ነው። አንዳንድ ቡድን ለውጦችን መጀመሪያ `develop` በሚባል ብራንች ላይ ይሰበስብና በየሁለት ሳምንቱ ወደ `main` ያሳልፋል። የኛ ፕሮግራመር ፑል ሪኩዌስቷን ወደ `develop` ከከፈተች፣ ጊትሀብ `Fixes #41` የሚለውን በዝምታ ያልፈዋል። ኋላ `develop` ወደ `main` ሲገባስ? ቃሉ የተጻፈው በፑል ሪኩዌስቱ ማብራሪያ ላይ ብቻ ከነበረ ምንም አይሆንም። በኮሚቱ ማስታወሻ ውስጥ ከነበረ ግን ኮሚቱ `main` ላይ በደረሰበት ቅጽበት ሥራው ይዘጋል። በሁለት ብራንች የሚሠራ ቡድን ቃሉን ኮሚቱ ላይ የመጻፍ ልማድ ቢያዳብር የሚበጀው ለዚህ ነው።

ሦስቱንም ስህተቶች አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ሜርጅ ከመደረጉ በፊት የሥራውን ገጽ ከፍቶ `Development` የሚለውን ክፍል ማየት ነው። መዘጋት ያለበት ሥራ ላይ ፑል ሪኩዌስቱ ከሌለ፣ ወይም መዘጋት የሌለበት ላይ ከታየ፣ የተጻፈው መስመር ይታረም። ኮዱን የሚያነበው ባልደረባ ይህንንም አብሮ ቢያይ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም።

አንድ ትልቅ ጥያቄ ግን ይቀራል። ሁሉም በትክክል ተጽፎ፣ ሥራ 41 ተዘግቶ፣ ካርዱ `Done` ላይ ገብቷል እንበል። ያ ለጳጉሜን 6 ትኬት ያጣው ደንበኛ ስልኩን ቢከፍት ምን ያገኛል? ያንኑ «የተሳሳተ ቀን» የሚለውን መልእክት። ኮዱ `main` ገባ እንጂ አዲሱ የመተግበሪያው ዕትም ገና አልተለቀቀም፤ ምናልባትም ማንም አልፈተነውም። ቦርዱ «አለቀ» ይላል፣ ደንበኛው ግን «ኧረ አልተስተካከለም» ይላል፤ ስልክ የምታነሳው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ መሐል ላይ ትቀራለች።

ይህን ቀድሞ ያሰበበት ዴቢያን ነው። ዴቢያን በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲሆን፣ እዚያም የለውጥ መዝገብ ላይ `Closes:` ብሎ የችግሩን ቁጥር መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ልዩነቱ ችግሩ የሚዘጋው ኮዱ ሲጻፍ ወይም ሲቀላቀል አለመሆኑ ነው፤ ተጠቃሚዎች ሶፍትዌሩን ወደሚያወርዱበት ማከማቻ አዲሱ ዕትም ተቀባይነት አግኝቶ ሲገባ ነው። በዚያ ቤት «ተዘጋ» ማለት «ተጠቃሚው ሊያገኘው ይችላል» ማለት ነው።

የኛም ቡድን ለሜርጅ የራሱን ትርጉም መስጠት ይችላል። እንደ ጂራ ያለ የሥራ መከታተያ የሚጠቀም ከሆነ፣ የሥራውን መለያ፣ ለምሳሌ `BUS-41`ን፣ በብራንቹ ስም ላይ ካስገባ በኋላ «ፑል ሪኩዌስት ሜርጅ ሲደረግ ካርዱን ወደ ሙከራ ዓምድ ውሰድ» የሚል ደንብ ማውጣት ይችላል። ካርዱ ሜርጅ ሲደረግ «በሙከራ ላይ» ይገባል፤ ፈታኟ በራሷ ስልክ ጳጉሜን 6ን መርጣ ትኬት ሲቆረጥላት ደግሞ ወደ «ያለቀ» ታሳልፈዋለች። ጊትሀብ ላይ ብቻ የሚሠራ ቡድን `Fixes` በሚለው ፋንታ `Refs`ን ተጠቅሞ፣ መዝጋቱን ለፈታኟ መተው ይችላል። ትንሽ የእጅ ሥራ ይጨምራል፤ ቦርዱ ግን አይዋሽም።

አንድ ነገር እንጨምር። ሜርጅ የተደረገው ለውጥ ሌላ ችግር ፈጥሮ ወደ ኋላ ቢመለስ፣ የተዘጋው ሥራ ራሱ ተመልሶ አይከፈትም። ለውጡን የመለሰው ሰው ሥራውንም በእጁ መክፈት አለበት፤ አለዚያ ቦርዱ ላይ ያለቀ፣ ኮዱ ውስጥ ግን የሌለ ሥራ ይኖራል።

ስለዚህ ይህን አሠራር ልትጀምሩ ያሰባችሁ ቡድኖች ከቃሉና ከቁጥሩ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፤ እኛ ጋ «አለቀ» የሚባለው መቼ ነው? የምትለቁት ድረ ገጽ ሆኖ `main` የገባ ለውጥ በደቂቃዎች ውስጥ ተጠቃሚው ጋ የሚደርስ ከሆነ፣ ሜርጅ ሲደረግ መዝጋት ትክክል ነው። በመሐል ሙከራ ወይም የመተግበሪያ መደብር ፈቃድ የሚጠበቅ ከሆነ ግን ሜርጁ ካርዱን አንድ ዓምድ ብቻ ያራምደው፤ መዝጋቱን ሥራውን በዓይኑ ላየ ሰው ተዉት።