ደዋዩ የሚፈልገው ይቅርታ አይደለም፦ ስለ ቮይስሜይል ሰላምታ ተረትና እውነታ

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሹሩባ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ በምሳሌነት እንውሰድ። ረዳት የላትም። አንድ ራስ ሠርታ ለመጨረስ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጅባታል፤ እጇ በቅባት ስለሚርስ ስልክ ማንሳት አትችልም፤ ብትችልም ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ደንበኛ ደስ አይላትም። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚደውለው ሁሉ የሚመልስላት ቮይስሜይሏ ነው። እዚያ ላይ የቀዳችው ሰላምታ ደግሞ ብዙዎቻችን የምናውቀው ዓይነት ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ፤ ስለደወሉልን ከልብ እናመሰግናለን፤ በአሁኑ ሰዓት ስልኩን ማንሳት ባለመቻላችን ይቅርታ እየጠየቅን፣ ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ ስምዎንና ስልክ ቁጥርዎን ቢተዉልን በተቻለ ፍጥነት እንደውላለን።»

ንግግሩ ጨዋ ነው፤ ግን ለደዋዩ የሚጠቅም አንድም ነገር አልነገረውም። ደዋዩ ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የደወልኩት ትክክለኛው ቦታ ነው? አሁን ምን ላድርግ? መልሱን መቼ አገኛለሁ?

«በተቻለ ፍጥነት እደውላለሁ» ማለት አክብሮት ነው። ይህ በጣም የተለመደው እምነት ነው፤ ብዙ ደንበኛ የሚያሳጣውም እሱ ይመስለኛል። ቅዳሜ ሠርግ ያለባት ሴት ማክሰኞ ቀትር ላይ ስትደውል «በተቻለ ፍጥነት» ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይሁን ከሁለት ቀን በኋላ ማወቅ አትችልም። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ቤት ትደውላለች። «ዛሬ ከምሽቱ ሰባት እስከ ስምንት እደውላለሁ» ብትባል ግን መጠበቅ አለመጠበቋን ራሷ ትወስናለች። የሚቀዳው ሰዓት በእርግጥ የሚከበር መሆን አለበት። ሹሩባ ሠሪዋ ሥራ የምትጨርሰው አመሻሽ ላይ ከሆነ «በምሳ ሰዓት» ብላ መቅዳት የለባትም፤ በሁለተኛው ቀን ውሸት ይሆንባታል።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚያጋጥም ወጥመድ አለ። ሹሩባ ሠሪዋ በአማርኛ «ሰባት ሰዓት» ብቻ ብትል፣ ከአገር ቤት ገና የመጡ እናት ከቀኑ ሰባት ሰዓት አድርገው ይረዱታል፤ ይህም በአሜሪካ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ከሰዓት በኋላ መሆኑ ነው። እሳቸው ከቀትር በኋላ ስልኩን ይዘው ሲጠብቁ እሷ ገና ግማሽ ራስ ላይ ናት። በአማርኛው ክፍል ላይ «ከምሽቱ» የሚለውን ቃል አለመርሳት፣ «በአሜሪካ ሰዓት» ብሎም መጨመር ይህን ግራ መጋባት ያስቀራል።

«መልእክት የሚተው ሰው ስለሌለ ሰላምታው ዋጋ የለውም።» እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ድምፁን መተው አይወድም። አገር ቤት ያደግን ደግሞ ስልክ ካልተነሳ ዘግተን ሚስኮላችን እንዲታይልን ነው የምንጠብቀው። ነገር ግን መልእክት ሳይተው የሚዘጋውም ሰው ሰላምታውን መስማት ጀምሯል። ስለዚህ ሰላምታው ለእሱም ሌላ በር ሊከፍትለት ይገባል፤ ያም በር የጽሑፍ መልእክት ነው። ሹሩባ ለሚፈልግ ሰው ጽሑፍ እንዲያውም ይሻላል፤ የሚፈልገውን የሹሩባ ዓይነት ፎቶ አያይዞ መላክ ይችላል፣ እሷም በሁለት ደንበኞች መካከል እጇን ታጥባ ታየዋለች። የቢዝነሱ ቁጥር የቤት መስመር ከሆነ ግን መጀመሪያ ከሌላ ስልክ ጽሑፍ ልኮ መድረሱን ማየት ያስፈልጋል። ብዙ የቤት መስመር ጽሑፍ አይቀበልም፤ ላኪው ደግሞ የደረሰለት ሊመስለው ይችላል።

«ሁሉንም ነገር ብናገር ደንበኛው መጠየቅ አያስፈልገውም።» አድራሻ፣ የሥራ ቀናት፣ ዋጋ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ኢንስታግራም። ይህን ሁሉ የሚቀዳ ሰው የሚረሳው ደዋዩ ሰላምታው ከመጀመሩ በፊትም ሲጠብቅ እንደነበር ነው። በአሜሪካ የስልክ ጥሪ ድምፅ ሁለት ሰከንድ ይጮኻል፣ አራት ሰከንድ ዝም ይላል። አራት ጊዜ እስኪጮኽ 24 ሰከንድ ገደማ ያልፋል ማለት ነው። ብዙ የስልክ ኩባንያዎች ደግሞ ከባለቤቱ ቅጂ በኋላ የራሳቸውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ይጨምራሉ። የእርስዎ ቅጂ አንድ ደቂቃ ከሆነ ደዋዩ አፉን ለመክፈት ደቂቃ ተኩል ያህል ይጠብቃል። በእኔ ግምት የአማርኛው ክፍል 20 ሰከንድ፣ የእንግሊዝኛው ደግሞ ከዚያ አጠር ያለ ቢሆን ይበቃል።

የትኛው ቋንቋ ይቅደም? የሹሩባ ሠሪዋ ደዋዮች ከሁለቱም ወገን ከሆኑ እንግሊዝኛው አጥሮ ቢቀድም እመርጣለሁ። አማርኛ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ አማርኛ ከሰማ ቁጥር የተሳሳተ መስሎት ይዘጋል፤ አማርኛ ተናጋሪው ግን የቤቱን ስም እንግሊዝኛው ውስጥ ሲሰማ ይጠብቃል። እንግሊዝኛ የማይሰሙ አረጋውያን የሚበዙበት ሥራ ከሆነ ግን ተራው ይገለበጥ።

እንግዲህ የሹሩባ ሠሪዋ አማርኛ ቅጂ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሰላም» ብላ የቤቷን ስም ትጠራና «ቀን ሥራ ላይ ስለሆንኩ ስልክ አላነሣም። ስምዎን፣ የሚፈልጉትን ሹሩባና የሚመችዎን ቀን በዚሁ ቁጥር በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ ወይም መልእክት ይተዉ። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ ሰባት እስከ ስምንት፣ በአሜሪካ ሰዓት፣ መልሼ እደውላለሁ።» አንዱንም ዓረፍተ ነገር ቢያወጡት የሚጎድል ነገር አለ።

«ቀድቼ ሰምቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው።» የሰሙት በራስዎ ስልክ ላይ ነው። የቆየው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ «ስ» እና «ፍ» ይመሳሰላሉ፤ ስምና ቁጥርም ይደበዝዛል። ዛሬ የተሻለ መስመር ቢኖርም ሁሉም ጥሪ በእሱ አያልፍም። ስለዚህ መኪና ውስጥ በስፒከር ሳይሆን ጸጥ ባለ ክፍል፣ ስልኩን አፍ አጠገብ ይዞ መቅዳት፣ ቀጥሎም ከሌላ ሰው ስልክ ደውሎ እስከ መጨረሻው መስማት ነው። በአይፎን ከሆነ ከስልክ መደወያው ወደ Voicemail፣ ከዚያ Greeting፣ ከዚያ Custom ይገባል። በብዙ ሌሎች ስልኮች 1ን ተጭኖ መያዝ ወደ ቮይስሜይሉ ይወስዳል።

በሙከራው ላይ ስልኩ አንዴም ሳይጮኽ ቅጂው ከጀመረ አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል። አይፎን ላይ ያልታወቀ ደዋይን ዝም የሚያሰኘው፣ በቆዩት ስሪቶች Silence Unknown Callers የሚባለው ማስተካከያ በርቶ ከሆነ በስልኩ ያልተመዘገበ ቁጥር በአብዛኛው ሳይጮኽ ወደ ቮይስሜይል ይሄዳል። የማስታወቂያ ደዋይ የሰለቸው ሰው ያበራዋል፤ ነገር ግን አዲስ ደንበኛም የሚደውለው ካልተመዘገበ ቁጥር ነው። እንዲሁም ሳጥኑ ሞልቷል የሚል ድምፅ ከተሰማ የተሰረዙት መልእክቶች Deleted Messages ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። እነሱንም በClear All ማጽዳት ነው።

ሹሩባ ሠሪዋ ወደ አዲስ አበባ ለአንድ ወር የምትሄድ ከሆነ «አገር ውስጥ የለሁም» ብላ አትቅዳ፤ ቤቷ ባዶ መሆኑን ለማታውቃቸው ሁሉ መንገር ነው። «እስከ ጥር 20 አዲስ ቀጠሮ አልይዝም፣ ከዚያ በኋላ ላለው ቀን በጽሑፍ ይላኩልኝ» ማለት ይበቃል። በዚያው ዕለት በስልኳ ካላንደር የመመለሻዋ ቀን ላይ «ቅጂውን ቀይሪ» ብላ ትመዝግብ። የጥርን ቅጂ መጋቢት ላይ የሚሰማ ሰው ቤቱ የተዘጋ ይመስለዋልና።