ባዶ ቦታ የሚገዛ ሰው ከካርታው ይጀምር

በአዲስ አበባ ዳርቻና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ቦታ የሚፈልግን ሰው ደላላ በመጀመሪያ የሚወስደው ወደ ቦታው ነው። ገዥው አጥሩን ያያል፣ ከአስፋልቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይገምታል፣ ዋጋ ይከራከራል። ካርታው የሚመጣው ቀብድ ሊከፈል ሲል ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ሊተላለፍ የሚችለው የይዞታ መብት ነው፤ መብቱ ደግሞ የሚታወቀው በወረቀቱ ነው።

እንበል፣ የቀረበው ቦታ 200 ካሬ ነው፤ 10 በ20። በካርታው ላይ የአራቱ ማዕዘኖች ኤክስና ዋይ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ገዥው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያረጋግጣቸው ይችላል። በፊት ለፊቱ ሁለት ማዕዘኖች መካከል ኤክስ በ8፣ ዋይ በ6 ሜትር ቢለያዩ፣ 8 በ8 ሲባዛ 64፣ 6 በ6 ሲባዛ 36 ነው፤ ድምሩ 100። በራሱ ተባዝቶ 100 የሚሰጠው 10 ስለሆነ ግንባሩ በእርግጥ 10 ሜትር ነው። የጎኑም ስሌት እንዲሁ ነው፤ 12 እና 16 ሜትር ልዩነት 20 ሜትር ይሰጣል።

ቀጥሎ ሜትር ይዞ ቦታው ድረስ መሄድ ነው። ግንባሩ 10 ሆኖ ጥልቀቱ 17 ሜትር ተኩል ቢወጣ በእጅ ያለው 175 ካሬ ብቻ ነው። የጎደለው 25 ካሬ ወይ የጎረቤት አጥር ውስጥ ገብቷል፣ ወይ መንገድ ላይ ወድቋል። ሻጩ «በኋላ ይስተካከላል» ቢልም፣ ከጎረቤት ጋር የሚደረገው ሙግት ለገዥው ይተርፋል። የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ወሰኑን ለክቶ ችካሉን ሳያሳይ ዋጋ መቁረጥ አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የስልክ ጂፒኤስ የሚጠቀምበት የልኬት መነሻ በአገራችን ካርታዎች ላይ ሲሠራበት ከኖረው አዲንዳን ከሚባለው መነሻ የተለየ ነው። የካርታውን ቁጥር ሳይለውጥ ስልኩ ውስጥ ያስገባ ሰው ከትክክለኛው ቦታ 200 ሜትር ያህል ርቆ የሰው ግቢ ውስጥ ይገኛል። ልዩነቱን የማያውቅ ገዥ ያለ ምክንያት ይደነግጣል። ለአታላይ ሻጭም ይመቻል፤ ሌላ ቦታ እያሳየ «ጂፒኤሱ ነው የሚሳሳተው» ይላል።

መንገድም ከወረቀት ይጀምራል። ዛሬ መኪና የሚያልፍበት ጥርጊያ በፕላን ላይ ከሌለ ነገ የሌላ ሰው ግቢ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው፣ ፕላኑ ቦታውን የሚቆርጥ ሰፊ መንገድ ይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቦታው ለመኖሪያ የተመደበ መሆኑን፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድና መንገድ ይነካው እንደሆነ ከክፍለ ከተማው ወይም ከከተማው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። የመንገዱ ስፋት ለመኪና መግቢያ ብቻ አይደለም የሚፈለገው። የፍሳሽ መስመር በሌለበት ሰፈር ሴፕቲክ ታንክ ሲሞላ የሚመጥጠው ቦቴ መግባት አለበት።

መብራትና ውኃን በተመለከተ «ሰፈሩ ውስጥ አለ» የሚለው መልስ አይበቃም። የቅርቡ ምሰሶና የውኃ መስመር በስንት ሜትር ላይ እንዳለ መለካት፣ ትራንስፎርመሩ ተጨማሪ ቆጣሪ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ነው። ጎረቤቶች ከአንድ ቆጣሪ ተጋርተው የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ሰፈሩ ውስጥ የይዞታ ማረጋገጫ የሌላቸው ቤቶች መኖራቸውን ሊጠቁም ስለሚችል ምክንያቱን ማጣራት ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚመጣው ግን ከባለቤትነቱ ነው። ዋናው ካርታ ሻጩ እጅ መኖሩ ብቻ ዋስትና አይሆንም። በጽሕፈት ቤቱ ማህደር ካለው ጋር መመሳከር፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑም በዚያው ቀን መረጋገጥ አለበት። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። የሊዝ ቦታ ሲሆን ደግሞ ውዝፍ ክፍያና የግንባታ መጀመሪያ ቀነ ገደብ ይታያሉ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ በሚተላለፍ ቦታ ላይ ሻጩ ከከፈለው ሊዝና ከወለዱ፣ ከሠራው ግንባታም ዋጋ በተጨማሪ የዝውውር ዋጋውን 5 በመቶ ብቻ እንዲወስድ ደንግጎ ነበር። ብዙዎች ይህን ለመሸሽ በውክልና መሸጥ ለምደዋል። ሕጉ ሲለዋወጥ ስለኖረ፣ አሁን የሚሠራበትን መመሪያ ከጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ነው።

ውክልና ግን ስም አያዞርም። ወካዩ በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሲሞትም በመሠረቱ ቀሪ ይሆናል፣ ቦታውን ወራሾቹ ይጠይቃሉ። ከገበሬ በእጅ ውል የተገዛ ቦታም ያው ነው፤ ፍርድ ቤት ውሉን ፈራሽ ሲያደርግ ገዥው ቢቀናው የሚመለስለት ከዓመታት በፊት የከፈለው ብር ነው። ከውጭ አገር ብር እየላኩ በዘመድ የሚያስገዙ ሰዎች ይህን አደጋ ከሌላው በበለጠ ይሸከማሉ፤ ማህደሩንም ችካሉንም በዓይናቸው አያዩም።

ስለዚህ የክፍያው አከፋፈል ራሱ በውል መጻፍ አለበት። ቀብዱ ትንሽ ይሁን፤ ዕዳ ወይም እገዳ ከተገኘ እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። የመጨረሻው ከፍተኛ ክፍያ ደግሞ አዲሱ ካርታ በገዥው ስም ወጥቶ እስኪታይ በባንክ ይቆይ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ሲያጋጥም ገዥው ሌላ ቦታ ቢፈልግ ይሻለዋል።