ከ15,600 ብር እጅ የሚገባው ስንት ነው?

በአንድ የግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ቅጥር ደብዳቤው ላይ ሦስት ቁጥሮች ሰፍረዋል እንበል፦ መሠረታዊ ደመወዝ 12,000 ብር፣ የቤት አበል 2,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበል 1,600 ብር። ድምሩ 15,600 ብር ነው። ወር ሲደርስ ግን ባንክ የሚገባለት 11,560 ብር ነው። የጎደለው 4,040 ብር የት ሄደ?

ከጡረታው እንነሳ። የሠራተኛው መዋጮ 7 በመቶ ሲሆን የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዙ ላይ ብቻ ነው። አበል አይነካውም። ስለዚህ ከ12,000 ብር 840 ብር ይቀነሳል። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር ይጨምርበታል፤ ይህ ግን ከሠራተኛው ኪስ አይወጣም።

ግብሩ ሌላ መነሻ አለው። መሠረታዊ ደመወዙ ላይ የቤት አበሉ ሙሉ በሙሉ ይደመራል። ከትራንስፖርት አበሉ ደግሞ 600 ብሩ መመሪያው ነፃ ካደረገው ጣሪያ ውስጥ ነው ብለን ብንይዝ፣ ቀሪው 1,000 ብር ይጨመራል። ግብር የሚከፈልበት ገቢ 15,000 ብር ሆነ ማለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ቀጣዩ 2,000 ብር በ15 በመቶ 300 ብር፣ ከዚያ እስከ 7,000 ያለው በ20 በመቶ 600 ብር፣ እስከ 10,000 ያለው በ25 በመቶ 750 ብር፣ እስከ 14,000 ያለው በ30 በመቶ 1,200 ብር ያስከፍላል። ከ14,000 በላይ ያለው 1,000 ብር ብቻ በ35 በመቶ 350 ብር ይከፍላል። ድምሩ 3,200 ብር። የሒሳብ ሹሞች አቋራጭ አላቸው፦ 15,000ን በ35 በመቶ አባዝተው 2,050 ይቀንሳሉ፤ መልሱ ያው ነው። «ደመወዝ ተጨምሮልኝ ከፍ ወዳለው መጣኔ ስገባ እጄ ላይ የሚቀረው አነሰ» የሚለው ሮሮ ከዚህ ስሌት ሊመጣ አይችልም፤ ከፍተኛው መጣኔ የሚነካው ከወሰኑ ያለፈውን ብር ብቻ ነውና።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። ጡረታው 840 ብር ግብሩ ከመሰላቱ በፊት አይቀነስም፤ ሁለቱም የሚነሱት ካልተነካው ደመወዝ ነው። አስቀድሞ የቀነሰ ሰው ግብሩን በ294 ብር አሳንሶ ያገኘዋል፤ ከፔሮሉ ጋርም አይገጥምለትም።

አሁን አሠሪው 1,000 ብር ልጨምር ቢል በየትኛው መስመር መጨመሩ ለውጥ አለው። በቤት አበል ከሆነ 350 ብር ግብር ተቀንሶ 650 ብር እጅ ይገባል። በመሠረታዊ ደመወዝ ከሆነ 70 ብር ጡረታም ስለሚቆረጥ 580 ብር ይቀራል። ብዙዎች የሚመርጡት የመጀመሪያውን ነው፤ አሠሪውም ከ110 ብር መዋጮ ይድናል። ሆኖም የጡረታ አበል የሚሰላው መዋጮ በተከፈለበት ደመወዝ ላይ ስለሆነ፣ ለጡረታ ለተቃረበ ሰው 70 ብሩን መክፈል ሳይሻል አይቀርም።