ከወንጀል ነጻ፣ በካሳ ተጠያቂ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1995 በሎስ አንጀለስ አንድ ጁሪ የቀድሞውን የአሜሪካ እግር ኳስ ኮከብ ኦ. ጄ. ሲምፕሰንን፣ የቀድሞ ሚስቱን ኒኮል ብራውንንና ሮናልድ ጎልድማንን ገድሏል ከተባለበት ክስ በነጻ አሰናበተው። በፌብሩዋሪ 1997 ደግሞ በሳንታ ሞኒካ የተሰየመ ሌላ ጁሪ፣ የሟቾቹ ቤተሰቦች ባቀረቡት የፍትሐ ብሔር ክስ፣ ለዚያው ጥቃት ኃላፊ ነው አለ። የተፈረደው ካሳና መቀጫ ሲደመር 33.5 ሚሊዮን ዶላር ሆነ።

ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል የሚል ብዙ ነው። ነገር ግን የቀረበላቸው ጥያቄ አንድ አልነበረም። የመጀመሪያው ጁሪ የተጠየቀው፣ ዐቃቤ ሕግ ነገሩን ምክንያታዊ ጥርጣሬ እስከማይቀር ድረስ አስረድቷል ወይ ተብሎ ነው፤ ለዚህ ደረጃ ሕጉ በመቶኛ የተሰፈረ ልክ የለውም። የሁለተኛው ግን የማን ማስረጃ ያመዝናል የሚል ነበር። እዚያ ሚዛኑ በጥቂቱም ቢሆን ወደ ከሳሽ ካዘነበለ ይበቃል።

ስለዚህ በወንጀሉ ችሎት ተከላካዮቹ ሌላ ገዳይ ማሳየት አላስፈለጋቸውም። የደም ናሙናው አያያዝ ላይ ጥያቄ አነሱ፤ መርማሪው ማርክ ፉርማን ስለ ጥቁሮች ይናገር የነበረውን ስድብ በመሐላ ክዶ፣ የገዛ ድምፁ ተቀርጾ ተገኘበት። ጥርጣሬው ቆመ፤ ክሱ ወደቀ።

እንደ እኔ ግን ልዩነቱን ሁሉ በማስረጃው ደረጃ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ሲምፕሰን በወንጀሉ ችሎት ዝም የማለት መብቱን ተጠቅሞ ቃሉን ሳይሰጥ ቀረ፤ በፍትሐ ብሔሩ ግን ቀርቦ ለመመለስ ተገደደ። በቦታው የተገኘው የጫማ ዱካ የብሩኖ ማሊ ነበር። እንዲህ ያለ ጫማ አድርጌ አላውቅም ሲል፣ አድርጎት የሚታይባቸው ፎቶዎች ቀረቡ። የመጀመሪያው ጁሪ እነዚህን ፎቶዎች አላያቸውም።

ሕጉ ሁለት ልክ የያዘው የስህተቱ ዋጋ ስለሚለያይ ነው። ካሳ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ቢሳሳቱባቸው፣ ጉዳቱ በማንኛቸውም ላይ ቢወድቅ ያው ገንዘብ ነው። በወንጀል ግን በአንድ ወገን ፖሊስና ምርመራ ያለው መንግሥት፣ በሌላው ነጻነቱን የሚያጣ ሰው ቆሟል። ለገንዘብ ክርክርም ያንኑ ከፍ ያለ ልክ ብንጠይቅ፣ ተጎጂው ምስክር ስላነሰው ብቻ ባዶ እጁን ይመለሳል።

በእኛም አገር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2149፣ የካሳ ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት ተከሳሹ በወንጀል ነጻ በመባሉ እንደማይገደድ ይናገራል። ዘመዱ የተጎዳበት ሰው ግን «ወንጀሉ ይለቅና እከሳለሁ» ብሎ ቢቀመጥ ሊጎዳ ይችላል፤ ቁጥር 2143 ለካሳ ክስ በመርሕ የሚሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነውና። ድርጊቱ የወንጀል ሕግ ረዘም ያለ ይርጋ ያስቀመጠለት ሲሆን፣ ያ ረዥሙ ጊዜ ለካሳውም ይሠራል።