የክረምት ዝናብ በስጋት መዝገብ ውስጥ ምን ይሠራል?

በብዙ የግንባታ ፕሮጀክቶች የስጋት መዝገብ ላይ አንድ የማይጠፋ መስመር አለ። ስጋቱ፦ ዝናብ። የመከሰት ዕድሉ፦ ከፍተኛ። ጉዳቱ፦ ከፍተኛ። ማቃለያው፦ በቅርበት መከታተል። ሰንጠረዡ ተሞልቷል፣ ፊርማውም አርፏል። ይህን መስመር ያነበበ የሳይት መሐንዲስ ግን ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ዝናቡን በቅርበት ሲከታተል ይከርማል።

የስጋት መዝገብ ፕሮጀክቱን ወደፊት ሊያደናቅፉት የሚችሉ ነገሮች በየመስመራቸው የሚሰፍሩበት ሰነድ ነው። እያንዳንዱ መስመር ምክንያቱን፣ የመከሰት ዕድሉን፣ የሚያደርሰውን ጉዳትና የሚወሰደውን እርምጃ ይይዛል። የአጻጻፉን ጣጣ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወረዳ በጥቁር አፈር ላይ አራት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ሊያሠራ ነው እንበል። ቦታው ለሥራ ተቋራጩ የሚተላለፈው ሚያዝያ 15 ቀን ነው። የመሠረት ቁፋሮውና የድንጋይ ግንቡ 35 ቀን ይፈጃሉ። ሰኔ 10 ግንቡ ከመሬት በላይ ወጥቶ ዙሪያው አፈር ካልተሞላ ክረምቱ ይቀድማል። በሁለቱ ቀኖች መካከል 55 ቀን ስላለ የሥራው ትርፍ ጊዜ 20 ቀን ነው።

ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ያብጣል። በተከፈተ ቦይ ውስጥ ውሃ ከተኛ ወለሉ ይጨቀያል፣ ጎኑም ይናዳል። በዚያ ጭቃ ላይ ሊን ኮንክሪት ማፍሰስ አይቻልም። የላላው አፈር ተዝቆ ይወጣል፣ በምትኩ የተመረጠ አፈር እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ ያ ደግሞ ገልባጭ መኪና ይፈልጋል፣ መኪናው ደግሞ በጭቃው አይገባም።

እንግዲህ ስጋቱ የቱ ነው? ዝናቡ አይደለም። ክረምት በየዓመቱ ይመጣል፤ እንደሚመጣ የታወቀ ነገር በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ ይሰፍራል እንጂ ስጋት አይባልም። ያልታወቀው ዝናቡ ሲጀምር ቦዩ ተከፍቶ ይጠብቀው እንደሆነ ነው። ይህ ደግሞ የሚወሰነው በሰማይ ሳይሆን በቢሮ ነው። በምሳሌያችን ቦታው ላይ የሁለት ገበሬዎች ማሳ አለ፤ ካሳቸው ገና አልተከፈለም። ስለዚህ መስመሩ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «የሁለት ባለይዞታዎች ካሳ ባለመከፈሉ፣ የቦታ ርክክቡ ከግንቦት 5 ሊያልፍ ይችላል፤ ካለፈም የመሠረት ቦዩ በክረምት ተከፍቶ ይቀራል።» መጀመሪያ ዛሬ ያለ ሐቅ፣ ቀጥሎ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ክስተት፣ በመጨረሻ የሚከተለው ጉዳት። ሦስቱ ሲደባለቁ ሰው ጉዳቱን እንደ ምክንያት ይይዝና ጭቃ መጥረጊያ ፓምፕ ይገዛል፤ ካሳው እንዳልተከፈለ ይቀራል።

ቀጥሎ የመከሰት ዕድሉ ይመጣል። «ከፍተኛ» የሚለው ቃል የሚጽፈውንም የሚያነበውንም ደስ ያሰኛል፤ ሁለቱ ግን የሚያስቡት ቁጥር ለየቅል ነው። ይህን በግልጽ ያሳየው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ባልደረባ የነበረው ሸርማን ኬንት ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ኅብረት ወገን ዩጎዝላቪያን ሊወር ስለሚችልበት ሁኔታ በወጣ ግምገማ ላይ «አሳሳቢ ዕድል» የሚል ሐረግ ነበር። ኬንት በልቡ የያዘው ከመቶ 65 ያህል ነበር። ግምገማውን አብረውት ያዘጋጁትን ባልደረቦቹን ሲጠይቅ ግን አንዱ ከመቶ 20፣ ሌላው ከመቶ 80 እንደሆነ ነገሩት። ሁሉም በአንድ ሐረግ ተስማምተው ነበር የወጡት።

ወረዳው ይህን ጣጣ ማስቀረት ይችላል። ባለፉት ዓመታት ካስረከባቸው የግንባታ ቦታዎች ስንቶቹ ከ20 ቀን በላይ ዘገዩ? ከስምንቱ ሦስቱ ከሆኑ፣ በዕድል አምዱ ላይ «ከመቶ 40 ገደማ፤ ከስምንት ርክክብ ሦስቱ ከ20 ቀን በላይ ዘግይተዋል» ተብሎ ይጻፋል። ስምንት ጥቂት ነው፣ ልክ ነው። ቢሆንም ቁጥሩን የማይቀበል ሰው የሚከራከርበት ነገር አገኘ፤ ከ«ከፍተኛ» ጋር ግን ማን ይከራከራል?

ጉዳቱም በዚሁ ልክ ይጻፋል፣ በቀንና በብር። ቦዩ ተከፍቶ ከከረመ ሥራው ከሰኔ 10 እስከ መስከረም መጨረሻ ይቆማል፤ ይህ ወደ 115 ቀን ነው። ጭቃውን ማውጣት፣ የተመረጠ አፈር መሙላት፣ የጥበቃና የቆመ መሣሪያ ወጪ ተደምሮ 900,000 ብር ይሆናል እንበል። ብዙዎች እዚህ ላይ ዕድሉን በጉዳቱ አባዝተው 360,000 ብር ለመጠባበቂያ ይይዛሉ። ብዙ ፕሮጀክት ላለው ቢሮ ስሌቱ ያስኬዳል፤ አንዱ ሲጎድለው ሌላው ይሸፍንለታል። ለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ግን 360,000 ብር የሚባል ጉዳት ፈጽሞ አይደርስም፤ ወይ ምንም አይወጣም፣ ወይ 900,000 ይወጣል። ከ1 እስከ 5 በሚሰጥ ነጥብ ማባዛትማ የባሰ ነው፤ ሊሆን የማይመስለውን ከባድ አደጋና በየሳምንቱ የሚያጋጥመውን ጥቃቅን ነገር እኩል 5 ነጥብ ሰጥቶ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል።

ማቃለያው አምድ ላይ የሚጻፍ ሁሉ የትኛውን ቁጥር እንደሚቀንስ መናገር አለበት። «የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ካሳውን እስከ መጋቢት 30 ይከፍላሉ» የሚለው ዕድሉን ከ40 ወደ 10 ያወርዳል ተብሎ ይገመታል። «ሥራ ተቋራጩ በሳምንት ውስጥ ሊገነባ የሚችለውን ያህል ቦይ ብቻ ይከፍታል» የሚለው ግን ዕድሉን አይነካም፤ ዝናብ ቢቀድም የሚበላሸው የአንድ ሳምንት ቁፋሮ ብቻ ስለሚሆን ጉዳቱን ያሳንሳል። ሁለቱም ባለቤት ያለው፣ መደረግ አለመደረጉ የሚታይ ሥራ ነው። «ከባለድርሻ አካላት ጋር መነጋገር» የሚል ሲያጋጥምዎ ግን ማን፣ ከማን ጋር፣ እስከ መቼ፣ ምን ይዞ እንደሚመለስ ይጠይቁ። መልስ ከሌለ አምዱ ባዶ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ርክክቡ ቢያልፍስ? ለዚያ የተለየ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል፦ «ግንቦት 5 ማታ ቦታው ካልተረከበ ቁፋሮ አይጀመርም፤ ክረምቱ ለብሎኬት ምርትና ለበርና መስኮት ሥራ ይውላል፤ ቁፋሮው ጥቅምት ላይ ይጀመራል።» ቀኑ የተቆረጠው አስቀድሞ፣ በረጋ ልብ ነው።

ችግሩ የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 መዘጋቱ ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ሲባል በሰኔ አጋማሽ «ቢያንስ ቁፋሮው ይጀመርና ክፍያ ይጠየቅበት» የሚል ግፊት ይመጣል፤ ያን ጊዜ የግንቦት 5ቱ ውሳኔ ይረሳል። ይህ ራሱን የቻለ ስጋት ስለሆነ የራሱ መስመር ይገባዋል። ምክንያቱ የበጀት መዝጊያው፣ ክስተቱ ከግንቦት 5 በኋላ የሚሰጥ የቁፋሮ ትእዛዝ፣ ጉዳቱ ያው 115 ቀንና 900,000 ብር ነው። ኃላፊው ደግሞ ትእዛዙን ሊሰጥ የሚችለው ሰው ራሱ ነው። አብዛኞቹ መዝገቦች ላይ የማይገኘው መስመር ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም መዝገቡን የሚሞላው የበታች ባለሙያ ሲሆን የሚጻፈው ስም የአለቃው ነው።