ያልጠራን ጥያቄ ማጥራት፦ ስለ ኢንተርንሺፕ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ



ዛሬ የምናገረው ስለ 45 ደቂቃ ነው። በሶፍትዌር ልማት ለኢንተርንሺፕ ያመለከተ ተማሪ በቪዲዮ ከጠያቂው ጋር ተገናኝቶ፣ ሁለቱም በሚያዩት ገጽ ላይ ኮድ የሚጽፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ርዕሱን እንድመርጥ ያደረገኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ቃለ መጠይቅ በኋላ ወደ ቢሮዬ መጥቶ፣ «መምህር፣ ጥያቄውን አውቀው ነበር፤ ግን ወደቅሁ» አለኝ።

ጥያቄው የሚከተለው ነበር፦ የስብሰባዎች መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት በዝርዝር ተሰጥቷል፤ የሚደራረቡትን ወደ አንድ አዋህድ። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ስለነበር ጠያቂዋ ዝርዝሩ «አንሶርትድ» ነው፣ ማለትም በቅደም ተከተል አልተደረደረም፣ ብላዋለች። ኔትወርኩ ለቅጽበት ተቆርጦ የቃሉን መነሻ ዋጠው። ለተማሪዬ የደረሰው «ሶርትድ» የሚለው ብቻ ነበር፤ እርሱም የተደረደረ ነው ብሎ ተቀበለ። ድምፁ መቆራረጡን አስተውሏል። ይሁን እንጂ «ይድገሙልኝ» ማለት ነውር መስሎት «እሺ» ብሎ አለፈ። ይህን ልማድ በሚገባ አውቀዋለሁ፤ እኔም በተማሪነቴ ያልሰማሁትን ሁሉ በአክብሮት አንገቴን እየነቀነቅሁ ነበር የማሳልፈው።

የጻፈው ኮድ ከመደርደሪያው መስመር በቀር ትክክል ነበር። ሙሉው እንዲህ መሆን ነበረበት፦

```python
def merge(times):
    out = []
    for s, e in sorted(times):
        if out and s <= out[-1][1]:
            out[-1][1] = max(out[-1][1], e)
        else:
            out.append([s, e])
    return out
```

ጠያቂዋ `[[13,17],[9,10],[10,12],[14,15]]` የሚለውን ዝርዝር ሰጥታ እንዲሞክረው ጠየቀችው። `sorted` ስለሌለ ፕሮግራሙ ከ13 እስከ 17 ያለውን ስብሰባ መጀመሪያ ያዘ። ቀጥሎ የመጣው 9 ከ17 ስለሚያንስ «ተደራርቧል» ብሎ ዋጠው፤ 10ም እንደዚሁ። ውጤቱ `[[13,17]]` ብቻ ሆነ፤ የጠዋቱ ስብሰባዎች በሙሉ ጠፉ። ተማሪው ስህተቱን ከሉፑ ውስጥ ሲፈልግ ሰዓቱ አለቀ። ስህተቱ ግን ከሉፑ ውስጥ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ «እሺ» ውስጥ ነበር።

ያልጠራ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መሆኑን መለየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንደኛው ያልሰማነው ነው። ለዚህ «አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ» ማለት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ጠያቂው የቱ እንዳመለጠን ስለማያውቅ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በዚያው ፍጥነት ይደግመዋል፤ ኔትወርኩም ሊደግም ይችላል። የተሻለው የሰማነውን ተናግረን ጎደሎውን ማመልከት ነው፦ «የስብሰባ ሰዓቶች ዝርዝር እንዳለኝ ሰምቻለሁ፤ ስለ ቅደም ተከተሉ ያሉት ግን ተቆርጦብኛል።» ከዚያም የተረዳነውን በኮዱ አናት ላይ በአንድ መስመር አስተያየት እንጽፈዋለን። የተጻፈ ነገር በድምፅ መቆራረጥ አይጠፋም፤ ጠያቂውም ስህተት ካየ ወዲያው ያርመዋል። ተማሪዬ `# input is sorted` ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ጠያቂዋ በዚያች ደቂቃ ታስቆመው ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት በግልጽ ሰምተነው ግን በራሱ ጎደሎ የሆነ ጥያቄ ነው። ብዙ ጠያቂዎች ሆን ብለው ክፍተት ይተዋሉ፤ ሊያዩት የሚፈልጉት ተማሪው ክፍተቱን ማየቱን ነው። ከላይ ባለው ጥያቄ «የሚደራረቡ» የሚለው ቃል ራሱ አልተፈታም። በ10 ያለቀ ስብሰባና በ10 የጀመረ ስብሰባ ተደራርበዋል? አዎ ከተባለ ንጽጽሩ `<=` ይሆናል፤ ከላይ ላለው ዝርዝር መልሱም `[[9,12],[13,17]]` ነው። አይደለም ከተባለ `<` ይሆንና ከ9 እስከ 10 ያለው ለብቻው፣ ከ10 እስከ 12 ያለውም ለብቻው ይቀራል። ልዩነቱ አንድ ምልክት ነው፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ግን ከኮዱ ማወቅ አይቻልም፤ መጠየቅ ግድ ነው።

ታዲያ ስንት ጥያቄ እንጠይቅ? እኔ መልሱ ኮዱን የሚለውጥ ከሆነ ብቻ ጠይቁ እላለሁ። ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው እዚህ አያስፈልግም፤ ኮዱ ያለ ምንም ለውጥ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል። አስር ጥያቄ የሚደረድር ተማሪ ጠንቃቃ ሳይሆን ሥራውን የሚሸሽ ይመስላል። ከሁሉ የሚሻለው ትንሽ ምሳሌ ራሳችሁ ጽፋችሁ፣ «ለዚህ መልሱ ይህ ነው ብዬ ተረድቻለሁ፤ ልክ ነኝ?» ማለት ነው። ምሳሌው አንዱ ስብሰባ በሌላው ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባበትን ሁኔታ ይያዝ። ከ13 እስከ 17 ባለው ውስጥ ከ14 እስከ 15 ያለው እንዲህ ነው። `max` የረሳ ሰው መጨረሻውን 15 ያደርገዋል፤ ሁለት ሰዓት ይጠፋል።

ስለ ጊዜ አከፋፈል። ከሰላምታው በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ለማጥራትና ለምሳሌው፣ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ሐሳቡን በቃል ለማስረዳት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ለመጻፍ፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ደግሞ ለመፈተሽ ብትመድቡ ይበቃል። በመደዳው መካከል ዝም ማለት ሲያስፈልግ አስቀድማችሁ ተናገሩ፦ «አንድ ደቂቃ ላስብ።» ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ብትሆኑ ዝምታችሁ ማሰብ መሆኑ ይታያል፤ በቪዲዮ ግን ያሰበና ምስሉ የቆመበት ሰው አንድ ይመስላሉ። ድምፅም ዘግይቶ ስለሚደርስ ጠያቂው ሲጨርስ አንድ ትንፋሽ ያህል ጠብቃችሁ ጀምሩ፤ አለዚያ እየተቋረጣችሁ ሁለታችሁም «ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ» ስትባባሉ ጊዜው ያልፋል።

ስለ ስፍራው ብዙ አልልም። መስኮቱ ከፊታችሁ እንጂ ከኋላችሁ አይሁን፤ ከኋላ ከሆነ ፊታችሁ ጥላ ብቻ ይሆናል። ላፕቶፑን መጻሕፍት ደርባችሁ ካሜራው ከዓይናችሁ ትይዩ እንዲሆን አድርጉ፤ ማዳመጫውም ባለ ገመድ ቢሆን በመካከል ባትሪው አያልቅም። በእኛ አገር የሚረሳው ሌላ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ የዋይፋዩ ሳጥን ግን ይጠፋል። ስለዚህ የስልካችሁን ዳታ ከላፕቶፑ ጋር አስቀድማችሁ አገናኝታችሁ ሞክሩት።

ሰዓቱንም አረጋግጡ። የለንደን ጠዋት 10 ሰዓት በክረምታቸው ለእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ በማርች መጨረሻ ሰዓታቸውን ሲያስተካክሉ ግን 6 ሰዓት ይሆናል። እነርሱ ይቀይራሉ፤ እኛ አንቀይርም።

መስመሩ ከተቋረጠም ስትመለሱ ይቅርታውን አሳጥራችሁ፣ መጨረሻ የሰማችሁትን ተናገሩ፦ «በ10 የሚነካኩት ይዋሃዱ እስካሉት ድረስ ሰምቻለሁ።» ጭራሽ መመለስ ካልቻላችሁ ለቅጠራ ክፍሉ በዚያው ደቂቃ በስልካችሁ አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ መብራት መጥፋቱን፣ የት እንደደረሳችሁና በየትኛው ሰዓት መቀጠል እንደምትችሉ በሦስት ዐረፍተ ነገር።