ቲ-ቴስት፣ ማን-ዊትኒ ወይስ ካይ-ስኩዌር? የዋርድ መረጃ ራሱ የሚሰጠው መልስ

የነርሲንግ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ የሚሆነውን መረጃ ከዋርድ ሰብስቦ ሲጨርስ ወደ አማካሪው ይዞት የሚሄደው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ «የትኛውን ቴስት ልሥራ?» ይህን ለመመለስ መጀመሪያ የሚታየው የሕሙማኑ ካርድ ነው። ነርሷ እዚያ ላይ የጻፈችው በመሣሪያ የተለካ ቁጥር ነው? ከትንሽ ወደ ትልቅ ብቻ የሚደረደር ደረጃ ነው? ወይስ «አለ» እና «የለም» የሚል ምልክት? ምርጫው በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጥናት እናስብ። በቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ ሆዳቸው ሊከፈት ቀጠሮ የተያዘላቸው ሕሙማን አሉ። ግማሾቹን ነርሷ በዋዜማው ምሽት አልጋቸው ድረስ ሄዳ ታስተምራቸዋለች፤ ከሰመመን ሲነቁ በጥልቀት እንዴት እንደሚተነፍሱ፣ ሲያስሉ ቁስሉን በትራስ እንዴት እንደሚደግፉ፣ መቼ ተነሥተው መራመድ እንደሚጀምሩ ትነግራቸዋለች። የቀሩት የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ያገኛሉ። ተማሪው ከየካርዱ አራት ነገር ይቀዳል፦ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊገቡ ሲሉ የተለካውን የደም ግፊት፣ በማግስቱ የተናገሩትን የሕመም መጠን፣ የተኙበትን ቀን ብዛት፣ እንዲሁም ቁስላቸው አመርቅዞ እንደሆነ። ከዚህ በታች ያሉትን አሃዞች ለማሳያ እኔው ያዘጋጀኋቸው ናቸው።

አራቱም ኮምፒውተር ላይ ሲገቡ ቁጥር ይሆናሉ፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ያመረቀዘ ቁስል 1፣ ያላመረቀዘ 0 ተብሎ ስለተመዘገበ ሶፍትዌሩ «አማካይ 0.3» ብሎ ያወጣል እንጂ «ይህ አማካይ የሚወጣለት ነገር አይደለም» ብሎ አያስጠነቅቅም። ያንን ማወቅ ያለበት መረጃውን የሰበሰበው ሰው ነው።

ከደም ግፊቱ እንጀምር። በሚሊሜትር ሜርኩሪ የተለካ ነው፤ በ120 እና በ130 መካከል ያለው ርቀት በ140 እና በ150 መካከል ካለው ጋር እኩል ነው፤ አብዛኛው ሰውም መሐል አካባቢ ተሰብስቦ ጥቂቶች ብቻ ወደ ዳርና ዳር ይወጣሉ። ለእንዲህ ያለ መረጃ አማካይ ጥሩ ተወካይ ስለሆነ ቲ-ቴስት ይስማማዋል። ይህን ስሌት በ1908 ያሳተመው ዊልያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ያስጨነቀውም ከጥቂት ናሙና ላይ ተነሥቶ እንዴት መናገር እንደሚቻል ነበር። ስሌቱ በሁለቱ አማካዮች መካከል ያለውን ልዩነት ይወስድና በአጋጣሚ ብቻ ሊፈጠር በሚችለው መዋዠቅ ያካፍለዋል። በእኛ ምሳሌ የተማሩት 60 ሕሙማን የላይኛው የደም ግፊት አማካይ 138፣ ያልተማሩት 60ዎቹ ደግሞ 146 ቢሆን፣ የሁለቱም ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 16 ቢሆን፣ ልዩነቱ 8፣ መዋዠቁ 2.9 ገደማ ይሆናል። 8 ለ2.9 ሲካፈል 2.7 ይመጣል፤ ፒ-ቫልዩውም ከ0.01 በታች ይወርዳል። ኤስፒኤስኤስ ላይ ውጤቱ በሁለት መስመር ስለሚወጣ ብዙ ተማሪ ግራ ይጋባል። እኔ `Equal variances not assumed` የሚለውን ሁለተኛውን መስመር መውሰድ እመርጣለሁ። የሁለቱ ቡድኖች መበተን እኩል ቢሆን የሚያጎድለው እምብዛም ነገር የለም፤ እኩል ካልሆነ ደግሞ ከስሕተት ያድናል።

የተኙበት ቀን ብዛት ግን ሌላ ጠባይ አለው። እሱም እንደ ደም ግፊቱ ቁጥር ስለሆነ ተማሪው ቲ-ቴስቱን እዚህም ይደግመዋል፤ ከሁሉ በላይ ስሕተት የማየው እዚህ ላይ ነው። ማንም ሰው ከዜሮ ቀን በታች ሊተኛ አይችልም፤ ወደ ላይ ግን ገደብ የለም። አብዛኛው ሕመምተኛ በሳምንት ውስጥ ይወጣል፣ አንዱ ግን ስፌቱ ተፈትቶበት ወይም አንጀቱ አፍስሶ ከወር በላይ ይቆያል። የመጀመሪያዎቹን 16 ሕሙማን ብቻ እንውሰድ። የተማሩት ስምንቱ 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 4፣ 5፣ 5 እና 6 ቀን ተኙ። ያልተማሩት ስምንቱ ደግሞ 5፣ 6፣ 6፣ 7፣ 7፣ 8፣ 9 እና 40 ቀን። የፊተኞቹ አማካይ 4፣ የኋለኞቹ 11 ቀን ነው። ይህ 11 ማንን ይወክላል? ከስምንቱ ሰባቱ 9 ቀን ወይም ከዚያ በታች ነው የተኙት፤ አማካዩን ወደ ላይ የጎተተው አንድ ሰው ብቻ ነው።

በዚህ መረጃ ላይ ቲ-ቴስት ሲሠራ የሚሆነው ያስገርማል። የ7 ቀን ልዩነት እያለ ውጤቱ 1.67፣ ፒ-ቫልዩው 0.14 ገደማ ይወጣል፤ ተማሪውም «ልዩነት አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። የ40 ቀኑ ሕመምተኛ አማካዩን ከፍ ቢያደርገውም መዋዠቁን ከዚያ የባሰ ስላሰፋው ልዩነቱን ዋጠው። ያው ሰው በ10 ቀኑ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የአማካዮቹ ልዩነት ወደ 3.25 ቀን ዝቅ ይልና ቲ-ቴስቱ ግን ልዩነቱን በግልጽ ያሳይ ነበር።

ማን-ዊትኒ ቀኖቹን ትቶ ቅደም ተከተላቸውን ያያል። መምህር ልጆችን በቁመት ሲያሰልፍ ረጅሙ ልጅ ከቀጣዩ በስንት ሴንቲሜትር እንደሚበልጥ አይጠይቅም፤ ከሰልፉ መጨረሻ ያቆመዋል፣ በቃ። እንደዚያው 40 ቀን የተኛው ሕመምተኛ 16ኛ ሆኖ ይሰለፋል፤ 14 ቀን ቢሆንም፣ 90 ቀን ቢሆንም ያው 16ኛ ነው። ስሌቱ በእጅም ይሠራል። ከተማሩት እያንዳንዱን ካልተማሩት ከእያንዳንዱ ጋር ብናጣምር 64 ጥንድ እናገኛለን፤ እኩል የሆኑትን ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ብንሰጥ፣ ያልተማረው ረዘም ብሎ የተኛባቸው ጥንዶች 61 ይሆናሉ። የቀረው 3 የማን-ዊትኒ ዩ የሚባለው ቁጥር ነው። ለስምንትና ለስምንት ሰው በ0.05 ደረጃ ዩ 13 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ልዩነት አለ ይባላል፤ 3 ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሪፖርት ላይም የሚጻፈው ሜዲያን ነው፦ የተማሩት 4 ቀን፣ ያልተማሩት 7 ቀን።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ያ 40 እውነት መሆኑን ከካርዱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። 4 ሲጻፍ አንድ ዜሮ ተጨምሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነ ደግሞ «ውጤቴን ስላበላሸብኝ» ተብሎ አይሰረዝም፤ ያ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ የታከመ ሰው ነው። ማን-ዊትኒም የማይመልሰው ጥያቄ አለ። የሆስፒታሉ አስተዳደር በዓመት ስንት የአልጋ ቀን እንደሚተርፍለት ከጠየቀ የሚያስፈልገው ድምሩ፣ ማለትም አማካዩ ነው፤ የ40 ቀኑ ሕመምተኛም ሙሉ ክብደቱን ይዞ መቆጠር አለበት። ሌላው ማንኛውም ቴስት የማያድነው ወጥመድ በሁለተኛው ቀን ያረፈ ወይም ሪፈር የተባለ ሕመምተኛ ነው። መዝገቡ ላይ «2 ቀን» ተብሎ ሲገባ ቶሎ ድኖ የወጣ ይመስላል። እነዚህን ሕሙማን ለይቶ ማስቀመጥና በጽሑፉ ላይ መግለጽ የተማሪው ኃላፊነት ነው።

የሕመም መጠኑም ወደ ማን-ዊትኒ ያዘነብላል። ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ «4» ያለ ሰው «2» ካለው በላይ ያመዋል፤ ሁለት እጥፍ ያመዋል ማለት ግን አይቻልም። ቅደም ተከተሉ ይታመናል፣ ርቀቱ አይታመንም።

ቁስሉ አመረቀዘ ወይስ አላመረቀዘም ለሚለው ደግሞ አማካይም ሰልፍም የለም፤ ያለው ቆጠራ ነው፤ ለቆጠራ የሚሆነው ካይ-ስኩዌር ነው። ከተማሩት 60 ሰዎች የ6ቱ፣ ካልተማሩት 60 የ18ቱ ቁስል አመረቀዘ እንበል። በጠቅላላ 24 ናቸው። ትምህርቱ ምንም ለውጥ ባያመጣ ኖሮ 24ቱ ለሁለቱ ቡድን እኩል ተከፍለው 12 እና 12 ይሆኑ ነበር። ያላመረቀዘባቸው 96ቱም 48 እና 48። ካይ-ስኩዌር የታየው ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ ይለካል፤ በእያንዳንዱ ሣጥን የ6ን ካሬ ለሚጠበቀው አካፍሎ አራቱን ሲደምር 3፣ 3፣ 0.75 እና 0.75፣ በድምሩ 7.5 ይመጣል። የማለፊያው ወሰን 3.84 ስለሆነ ልዩነቱን ለአጋጣሚ ብቻ መስጠት ይከብዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ደጋግሞ ይታያል። የመጀመሪያው በሰው ቁጥር ፋንታ መቶኛውን ማስገባት ነው። 6 እና 18 በማለት ፋንታ 10 በመቶና 30 በመቶ ብሎ ያስገባ ተማሪ ሶፍትዌሩን በየቡድኑ 100 ሰው እንዳለ ያሳምነዋል፤ 7.5 የነበረውም 12.5 ይሆናል። ሁለተኛው አንድን ሰው ደጋግሞ መቁጠር ነው። ጥናቱ በካኑላ ምክንያት ስለሚመጣ የደም ሥር መቆጣት ቢሆንና አንድ ሕመምተኛ ሦስት ጊዜ ካኑላ ቢቀየርለት፣ ሦስት መስመር ሞላ ማለት ሦስት ሰው ሆነ ማለት አይደለም። በመረጃው ሰንጠረዥ ያለው የመስመር ብዛት ከካርዶቹ ብዛት ከበለጠ ይህ ስሕተት ገብቷል ማለት ነው።

ናሙናው ትንሽ ሲሆን ካይ-ስኩዌር ራሱ ይደክማል። በየቡድኑ 10 ሰው ብቻ ኖሮ ከአንዱ 1፣ ከሌላው 4 ቢያመረቅዝ የሚጠበቀው 2.5 ነው። እንዲህ ሲሆን ኤስፒኤስኤስ ከሰንጠረዡ ግርጌ `expected count less than 5` የሚል ማስታወሻ ያወጣል። በሁለት በሁለት ሰንጠረዥ ላይ ያ ማስታወሻ ከዜሮ በላይ የሆነ ሣጥን ካሳየ እዚያው ያለውን `Fisher's Exact Test` ማንበብ ይሻላል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቡድን ሲነጻጸሩ ነው። ያው ሕመምተኛ ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ከተለካ ሁለቱ ልኬቶች የአንድ ሰው ስለሆኑ ሦስቱም ቴስቶች አይሆኑም፤ ለተለካ ቁጥር ጥንድ ቲ-ቴስት፣ ለደረጃ ዊልኮክሰን፣ ለአዎና ለአይደለም ማክኔማር ይተካሉ።

ቴስቱ የሚመረጥበት ጊዜም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሦስቱንም ሠርቶ ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በታች የወረደውን መውሰድ በየዋህነት የሚደረግ ቢሆንም ውጤቱን ዋጋ ያሳጣዋል፤ ብዙ ጊዜ የሞከረ በአጋጣሚ አንዱን ያገኛልና። ስለዚህ ምርጫው በፕሮፖዛሉ ላይ፣ አንድም ካርድ ሳይከፈት፣ ለእያንዳንዱ ውጤት ለየብቻ መጻፍ አለበት፦ ለደም ግፊቱ ቲ-ቴስት፣ ለተኙበት ቀንና ለሕመም መጠኑ ማን-ዊትኒ፣ ለቁስሉ ካይ-ስኩዌር፣ የሚጠበቀው ቁጥር ከ5 ካነሰም ፊሸር። መረጃው ሲመጣ ያልተጠበቀ ነገር ካሳየና ቴስቱን መቀየር ግድ ከሆነ፣ መቀየሩም ምክንያቱም በዘዴው ክፍል ላይ ይሰፍራል።